ፓስዎርዱን ያውቁታል፣ ባክአፑ ግን አልከፈት አለ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ደንበኛችን ላፕቶፓቸው ድንገት ሞተባቸውና ደወሉልን። ብዙም አልደነገጡም ነበር። የ3 ዓመት ሥራቸው በቦርግ አማካይነት በየሌሊቱ ወደ ሰርቨራችን ሲላክ ኖሯል፤ ፓስዎርዱንም በቃላቸው ያውቁታል። አዲስ ኮምፒውተር ገዝተው ቦርግን ጫኑና ባክአፑን ለመክፈት ሞከሩ። ፕሮግራሙ ፓስዎርዱን እንኳ ሳይጠይቃቸው እንዲህ አላቸው፦

```
No key file for repository ... found in ...
```

ስማቸውን ሳንጠቅስ ታሪኩን እንድንጽፍላችሁ ፈቅደውልናል። ነገሩ እሳቸው ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለምና።

አብዛኞቻችን ባክአፑን የሚከፍተው ፓስዎርዱ ይመስለናል። አይደለም። ባክአፑ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ቦርግ በዘፈቀደ የ256 ቢት ቁልፍ ይፈጥራል። ፋይሎቻችሁ የሚቆለፉት በዚህ ነው። ፓስዎርዱ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይህ ቁልፍ የተቀመጠበትን ትንሽ ፋይል ይከፍታል። እና ያ ፋይል የት ነው ያለው? ሁለት ምርጫ አለ። `repokey` በሚባለው ከባክአፑ ጋር እኛ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ፓስዎርዱ ካላችሁ በቂ ነው። `keyfile` በሚባለው ግን የሚቀመጠው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፣ `~/.config/borg/keys` ውስጥ። ደንበኛችን የመረጡት ሁለተኛውን ነበር። ለምስጢር ጥንቃቄ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሰርቨራችን ቢሰረቅ ሌባው ከፓስዎርዱ በተጨማሪ ያንን ፋይልም ይፈልጋል። ችግሩ ፋይሉ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ መሞቱ ነው።

«ግን እኮ ሙሉ ፎልደሬን ነው ባክአፕ የማደርገው፣ ቁልፉም እዚያ ውስጥ አለ!» አሉን። ልክ ናቸው፣ አለ። ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ሳጥን ውስጥ እንደ መተው ነው። ያንን ፋይል ለማውጣት ያው ፋይል ያስፈልጋል።

እኛስ? ፋይሎቹ የሚቆለፉት ከኮምፒውተራችሁ ሳይወጡ ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ትርጉም የሌለው የባይት ክምር ነው። የጓዳ በር የለንም፤ ቢኖረን ኖሮ ምስጢር ነው ማለታችን ውሸት ይሆን ነበር። ቁልፉን ገምቶ ማግኘትም አይሞከርም፤ ሊሆኑ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት 78 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። የቀራቸው ተስፋ የሞተው ዲስክ ነበር። ዳታ የሚያድኑ ባለሙያዎች ጋ ወሰዱት፤ አልተነበበም። የ3 ዓመቱ ባክአፕ ምንም ሳይጎድልበት እኛ ጋ አለ፣ የሚከፍተው ግን የለም።

የሚያሳዝነው፣ ችግሩ ቀድሞ ምልክት አለመስጠቱ ነው። ቁልፉ ላፕቶፑ ላይ እስካለ ድረስ ባክአፑ በየሌሊቱ «ተሳክቷል» ይላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን ትእዛዝ ስጡ (`REPO` ባለው ቦታ የራሳችሁን አድራሻ አስገቡ)፦

```
borg info REPO
```

`Encrypted:` የሚለውን መስመር እዩ። `key file` ካለ እናንተም እንደ እሳቸው ናችሁ። በዚህ ትእዛዝ የቁልፉን ግልባጭ አውጡ፦

```
borg key export --paper REPO key.txt
```

የሚወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። አትሙትና ከኮምፒውተሩ ርቆ፣ ከተቻለም ሌላ ቤት አስቀምጡት። አንድ ቀን በእጅ መጻፍ ቢኖርባችሁም አትስጉ፤ እያንዳንዱ መስመር ማረጋገጫ ስላለው ስህተት ስትጽፉ ወዲያው ይነግራችኋል። ወረቀቱ ያለ ፓስዎርዱ አይሠራም፤ ስለዚህ ፓስዎርዱን እዚያው ላይ አትጻፉ። `repokey` የምትጠቀሙም ብታወጡ አይከፋም፤ ሰርቨር ላይ ያለው የቁልፍ ቅጂ የሚበላሽበት ጊዜ አይጠፋም።

ብዙዎች የሚስቷት አንዲት ነገር አለች። ፓስዎርድ ስትቀይሩ ቀድሞ ያተማችሁት ወረቀት አብሮ አይቀየርም፤ የሚከፈተው በድሮው ፓስዎርድ ነው። የድሮውን ከረሳችሁት ወረቀቱ ዋጋ የለውም። በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና አትሙ።

ከዚያ ባክአፑን አይቶ በማያውቅ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት፦

```
borg key import --paper REPO
borg list REPO
```

ዝርዝሩ ከመጣ አንድ ፋይል አውጥታችሁ ክፈቱ። ከተከፈተ ወረቀቱ ይሠራል ማለት ነው። ካልሆነላችሁ ደውሉልን፣ ስልክ ላይ ሆነን አብረን እንሠራዋለን። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ግን አትላኩልን፤ እኛ ጋ ባይኖር ነው የሚሻለው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባክአፕ አገልግሎት ክፍል