የብስክሌቷ ቀለም፦ የፎቶግራፍና ግራፊክስ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ሠራ ብዬ አላጋንንም። የመጀመሪያው መንፈቅ በስልክ ካሜራ ፎቶ በመለማመድ አለፈ። ለወላጆች ቀን ፖስተር አዘጋጀን። መብራት ሲጠፋ ተበተንን፣ ሲመጣ ተሰበሰብን። በሁለተኛው መንፈቅ ግን አንድ ሥራ እስከ ጥግ ድረስ ተሠራ፤ እሱም የዚህ መጽሔት ሽፋን ነው።

ሽፋኑን ያያችሁ ሁሉ “ቀዩዋ ብስክሌት እውነት ባቡር ጣቢያው ፊት ቆማ ነበር?” እያላችሁ ትጠይቃላችሁ። አልነበረችም። የድሬዳዋን የድሮ ባቡር ጣቢያ ያነሳነው በተፈቀደልን ቀን፣ አመሻሽ ላይ ነው። ድሬን ያለ ብስክሌት ማሳየት ነውር ነው የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ብስክሌቷን በትምህርት ቤታችን ኮሪደር፣ በፍሎረሰንት መብራት ስር አነሳናት። አምፖሉ ከግራ እንዲመታት አድርገን ነው ያቆምናት፤ በጣቢያውም ፀሐይዋ ከግራ ነበረች። ቀለምን በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል፤ የብርሃንን አቅጣጫ ማዞር ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ቆርጠን ስንለጥፋት መጀመሪያ ያስጠላች ነበር። ጣቢያው ሞቅ ባለ የማታ ፀሐይ ወርቃማ ሆኗል፤ እሷ ደግሞ አረንጓዴ የነካው የኮሪደር ብርሃን ለብሳለች። ልጆቹ በዓይን ግምት ለማስተካከል ሞከሩ። አንዱ ቢጫ ይጨምራል፣ ሌላው “በዛ!” ብሎ ይቀንሳል። ዓይን ደግሞ ቶሎ ይለምዳል፤ አንድን ፎቶ ደጋግሞ ያየ ሰው የተበላሸውንም ትክክል ነው ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ከግምት ወጥተን ወደ ቁጥር ገባን።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮምፒውተር የፎቶን ቀለም ሁሉ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን፣ ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይጽፋል። ግራጫ ነገር የራሱ ቀለም የለውም። በእኩል ነጭ ብርሃን ቢነሳ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቁጥሮቹ እኩል ይሆናሉ። እኩል ካልሆኑ ልዩነቱ የመጣው ከብርሃኑ ነው። እንግዲህ በጣቢያው ፎቶ ውስጥ እውነተኛ ግራጫ ካገኘን፣ የዚያን ምሽት ብርሃን በቁጥር አገኘነው ማለት ነው።

ችግሩ ግራጫ የሚመስለው ሁሉ ግራጫ አለመሆኑ ነው፤ በተለይ በድሬ። አስፋልቱን ስናነብ ቀይ 150፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 104 አለን። ይህ ብርሃን ብቻ ሳይሆን አቧራም ነው። ነጭ ይመስል የነበረ ግድግዳም 232፣ 214፣ 170 ሰጠ፤ ቀለሙ ክሬም ነበር ማለት ነው። በእነዚህ ብንመራ ኖሮ ብስክሌቷ ሽሮ የተደፋባት ትመስል ነበር። አቧራ የማይቀመጥበት ቀጥ ያለ ነገር ፈልጉ አልኳቸው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የኮንክሪት የመብራት ምሰሶውን አገኘችው፦ 196፣ 184፣ 166። ከዚያ የእግረኛ መንገዱን የድንጋይ ጠርዝ የቆመ ፊት አነበብን፦ 178፣ 167፣ 151። ጠርዙ ጠቆር ይላል እንጂ ሦስቱም ቁጥሮች በአንድ ዓይነት መጠን ነው የቀነሱት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ብርሃኑ አንድ ቃል ከተናገሩ ሊታመኑ ይችላሉ። ስናነብ የቀለም መምረጫውን `Sample average`፣ ማለትም የብዙ ነጥቦችን አማካይ የሚሰጠውን፣ አብርተን ነው፤ የአንድ ነጥብ ንባብ በስልክ ፎቶ ላይ ይዋሻል።

ምሰሶው ሌላም ነገር ሰጠን። ፀሐይ ያላገኘው ጎኑ 74፣ 79፣ 90 ነው። እዚህ ሰማያዊው በልጧል፤ ምክንያቱም ጥላ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያበራው ሰማዩ ነው። ያው አንዱ ምሰሶ በፀሐይ በኩል ቢጫ፣ በጥላ በኩል ሰማያዊ ነው። የብስክሌቷን ፎቶ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሞቅ ማድረግ የማይሠራው ለዚህ ነው። ከርቭስ የሚባለው የቀለም ማስተካከያ መሣሪያ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው፤ ብሩሁን ክፍል ለብቻ፣ ጥላውን ለብቻ ማንቀሳቀስ ያስችላልና።

ከብስክሌቷ በኩልስ? ኮሪደሩ ሲሚንቶ ወለል ነው። እሷን ስንቆርጥ ከጎማዋ ስር ቁራሽ ወለል ሆን ብለን አስቀረን። ብርሃን ያረፈበት ወለል 170፣ 182፣ 168 ነው፤ አረንጓዴው እንዴት እንደወጣ እዩት። በጥላዋ ውስጥ ደግሞ 60፣ 66፣ 59። የብስክሌቷ ክሮም እጀታ ግን አይሆንም፤ መስተዋት ነው፣ የፊቱን ነገር ሁሉ ቀለም ይመልሳል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ጽሕፈት ነው። ጂምፕ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ብስክሌቷ ለብቻዋ ያለችበትን ንጣፍ፣ ሌየሯን፣ መርጠን `Colors` ውስጥ `Curves` ከፈትን። በቀዩ መስመር ላይ ሁለት ነጥብ ተከልን፦ 60 የነበረው 74፣ 170 የነበረው 196 ይሁን። በአረንጓዴው 66 ወደ 79፣ 182 ወደ 184። በሰማያዊው 59 ወደ 90፣ 168 ወደ 166። እዚህ ሰማያዊው ጥላው ላይ በጣም ስለተነሳ ጎማው ወደ ሰማያዊ አደላ። ሦስተኛ ነጥብ አስፈለገ። የጣቢያው ጨለማ የበር ውስጥ 16፣ 18፣ 22 ነበር፤ የብስክሌቷ ጥቁር 10፣ 12፣ 10። እነሱን ስናገናኝ ጎማው ጥቁር ሆነ።

ቁራሹን ወለል መልሰን ስናነብ ከምሰሶው ጋር ገጠመ። ይሁንና ወለልና ምሰሶ አንድ ሲሚንቶ አይደሉም፤ አንዱ በተፈጥሮው ሊፈካ ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ የምንወስደው የቀለሙን ሚዛን ነው። ብሩህነቱን በ`Value` መስመር፣ በዓይን ትንሽ ዝቅ አድርገነዋል።

ግራጫው ልክ ሆኖ ቀዩ ግን ብርቱካን መሰለ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ “ቲቸር፣ ቁጥሩ ልክ ከሆነ ለምን?” አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍሎረሰንት መብራት የብርሃን ቀለማትን በእኩል አይረጭም፤ አንዳንዱን ያበዛል፣ አንዳንዱን ይነፍጋል። ግራጫ ሲስተካከል የነጠላ ቀለም ስህተት ሳይስተካከል ሊቀር ይችላል። ብስክሌቷን ማታ ፀሐይ ላይ አውጥተን ለማነጻጸሪያ አነሳናት። ከዚያ በ`Hue-Saturation` ቀዩን ብቻ መርጠን `Hue`ን ወደ -6 ወሰድነው፤ ቀዩ ተመለሰ። ሌሎቹን ቀለማት አልነካንም። ይህን ከከርቭስ በፊት ብናደርገው ኖሮ ድጋሚ መሥራታችን አይቀርም ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ቅጂ ላይ ነው። ሁሉንም ሌየር በአንድ ቅጂ አድርገን የቀለሙን ድምቀት፣ ሳቹሬሽኑን፣ እስከ ጥግ ከፍ አደረግነው። የተረፈ ልዩነት ካለ በዚህ ይጮሃል። የጎማው ዙሪያ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጠርዝ ታየ፤ የብስክሌቷን የተቆረጠ ቅርጽ የሚወስነውን ማስክ ትንሽ ወደ ውስጥ ስበን አጠፋነው። ቁራሹን ወለልም ከሥዕሉ ቆርጠን ያወጣነው ያኔ ነው። መሬት ላይ የወደቀውን ጥላ በጥቁር አልቀባንም፤ መሬቱን ራሱን ያንኑ የምሰሶውን ጥላ ያህል አጨልመን ወደ ሰማያዊ አደላነው።

ለከርሞ አንድ የሲሚንቶ ንጣፍ ቁራጭ የክበቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ማንኛውም የሚለጠፍ ነገር ሲነሳ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠም ፊቱ በጨርቅ ይጠረግ።