በጽጌረዳዎቻችን ላይ ለወጣው የቀይ ሸረሪት ተባይ የተሰጠውን የተሳሳተ ሕክምና ይመለከታል

ለአትክልት አቅርቦትና እንክብካቤ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ድርጅታችሁ በገባልን ውል መሠረት በቢሯችን በረንዳ ላይ በሸክላ የተተከሉትን ጽጌረዳዎች አቅርቦ እየተንከባከበ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም ከጥር ወር መጨረሻ ጀምሮ ቅጠሎቹ በመርፌ ጫፍ የተወጉ ይመስል በነጫጭና ቢጫማ ነጠብጣብ ተሞልተው ወዛቸውን እያጡ ሲመጡ፣ የተላከልን ሠራተኛ ምክንያቱ የውኃ ማነስ ነው ብሎ ውኃና ማዳበሪያ ጨምሮ ሄዷል።

ውኃ ያነሰው ጽጌረዳ ይጠወልጋል እንጂ ቅጠሉ እንዲህ አይዥጎረጎርም። በዚያ ላይ በቅጠሎቹ ጀርባና ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ፣ ውኃ ሲረጭበት ጎልቶ የሚታይ ስስ ድር ነበር። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘን ቅጠሉን መታ መታ ስናደርገው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሚሆኑ ነቁጦች ወረቀቱ ላይ ወድቀው መሄድ ጀመሩ፤ አቧራ ደግሞ አይሄድም። ይህን ለማየት ከአጉሊ መነጽር ይልቅ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይበቃ ነበር።

ቅሬታችንን ያከበደው ግን ቀጥሎ የተወሰደው እርምጃ ነው። ድሩን ካሳየነው በኋላ ሠራተኛው የነፍሳት ማጥፊያ ረጨበት። ተባዩ ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ከነፍሳት ወገን ስላልሆነ፣ አብዛኛው የነፍሳት መድኃኒት እሱን ትቶ የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ይጨርሳል። በረንዳው ጣሪያ ስላለው ቅጠሉን የሚያጥብ ዝናብ አያገኝም፤ በሞቃትና ደረቅ አየር ደግሞ ተባዩ ከእንቁላል ተነሥቶ በሳምንት ገደማ ለመራባት ይደርሳል። ከርጭቱ በኋላ ድሩ ከታችኞቹ ቅጠሎች አልፎ እምቡጦቹን መሸፈኑ ለዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የነፍሳት መድኃኒቱ ርጭት ቆሞ፣ ክፉኛ የተጎዱት ቅጠሎች ተቆርጠው በታሰረ ከረጢት እንዲወገዱ፣ የቀሩትም በተለይ ጀርባቸው ጠንከር ባለ የውኃ ግፊት እንዲታጠብ እንጠይቃለን። ከዚያም በ1 ሊትር ውኃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ተራ ፈሳሽ ሳሙና ተበጥብጦ፣ አስቀድሞ በአንድ ቅጠል ላይ ተሞክሮ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ የቅጠሉ ጀርባ እስኪንጠባጠብ ይረጭ። ቅጠል ስለሚያቃጥል የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ወይም በረኪና እንዳይገባበት አደራ እንላለን። ሳሙናው የሚገድለው እርጥብ ሳለ የነካውን ተባይ ብቻ ስለሆነና እንቁላሉም ስለሚተርፍ፣ አንድ ጊዜ ረጭቶ መሄድን እንደ ተፈጸመ ሥራ አንቀበልም፤ በየ5 እስከ 7 ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደግሞ፣ መጨረሻ ላይ የወረቀቱ ፍተሻ እኛ ባለንበት ይደረግ።

ቅጠላቸው ሙሉ በሙሉ የረገፈው ሁለት ጽጌረዳዎች በድርጅቱ ወጪ እንዲተኩ፣ ተተኪዎቹም ከመግባታቸው በፊት የቅጠላቸው ጀርባ እንዲመረመር፣ የዚህ ወር የእንክብካቤ ክፍያም ከሚቀጥለው ሒሳብ እንዲቀነስልን እየጠየቅን፣ ምላሻችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሠላምታ ጋር
የቢሮው አስተዳደር ክፍል