ላትና ሞራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? እኔ ደህና ነኝ። እሁድ በስልክ «በባዶ ሆድ ስኳርህ 118 ነው አሉኝ፤ 71 ኪሎ ሰው ምን ስብ አለው? ስቡስ እናትሽ ጋ ነው» ብለው ሳቁብኝ። እማማ 80 ኪሎ ሆና ስኳሯ ልክ የሆነበትን ምክንያት በስልክ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ለፋሲካ በግ ሲያርዱ አጠገብዎ ቆሜ አይ ነበር። ቆዳው ሲገፈፍ ከላቱና ከጀርባው የሚታየው ስብ አንድ ነው። ሆዱ ሲከፈት ደግሞ ጨጓራና አንጀቱን እንደ ነጠላ የሸፈነው ሞራ ይወጣል። ብርሃን ላይ ዘርግተው ያሳዩኝ ነበር። ሰውም ሁለቱም አለው። የእማማ ስብ ዳሌና ጭኗ ላይ ነው፣ እንደ ላቱ (ይህን እንዳይነግሯት!)። የእርስዎ ግን እጅና እግርዎ ቀጭን ሆኖ ቦርጭዎ ብቻ ከበሮ ነው። በጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት የሚያዘው ከቆዳ ስር ያለው ነው፤ ጠንክሮ የሚገፋው ከውስጥ ያለው ሞራ ነው።

ከቆዳ ስር ያለው ስብ እንደ ጎተራ ነው፤ ትርፉን ተቀብሎ ያስቀምጣል። ጎተራው የጠበበበት ሰው ትርፉ ወደ ሞራውና ወደ ጉበቱ ይፈስበታል። ከሞራና ከአንጀት የሚወጣው ደም ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው ጉበት ውስጥ ነው፤ ሞራው የሚለቀውን ስብም ይዞለት ይሄዳል። ስብ የገባበት ጉበት ኢንሱሊን «ስኳር መልቀቅህን አቁም» ቢለው አይሰማም፤ እርስዎ ተኝተው እሱ ስኳር ሲለቅ ያድራል። ምንም ሳይቀምሱ ጠዋት 118 የሚገኘው ለዚህ ነው። ገና ስኳር በሽታ አይባልም፣ እሱ ከ126 ጀምሮ ነው፤ ግን ከ100 በታች መሆን ነበረበት። የደም ግፊቱና የልብ ሕመሙም በዚሁ ሞራ ይብሳሉ።

በፈረንጆች 2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት በጣም ይገርመኛል። ከ15 ወፍራም ሴቶች ሆድ ከቆዳ ስር ያለውን ስብ በቀዶ ሕክምና መጠጡላቸው፤ ከእያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ገደማ ወጣ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲመረመሩ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን መስማቱ አልተሻሻለም፣ ግፊታቸውም ያው ነበር። ሞራው አልተነካማ!

ስለዚህ ሚዛኑን ይተዉትና ክር ያምጡ። ቁመትዎን በክሩ ይለኩና እኩል አጥፈው ወገብዎ ላይ ያዙሩት፤ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል። 1 ሜትር ከ68 ስለሆኑ ግማሹ 84 ሴንቲ ነው። ክሩ ካልገጠመ ሞራው በዝቷል ማለት ነው። ክር እርግጥ ውስጡን አያይም፤ ሆድዎ በጥቂት ሳምንት ድንገት ቢነፋ ወይም እግርዎ ቢያብጥ ግን ስብ ነው ብለው አይተዉት፣ ሐኪም ይየው።

ደጉ ነገር፣ ሰው ሲከሳ ከሌላው ስብ ቀድሞ የሚቀንሰው ሞራው ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ቢሄዱ፣ ኪሎዎ ባይወርድ እንኳ ክሩ ሊላላ ይችላል። ወር በወር ይለኩልኝ።

ክሩን እማማ ትያዘው። ትንፋሽዎን አውጥተው ነው የሚለካው፤ ሆድዎን ወደ ውስጥ እንደሚስቡ አውቃለሁ።

ልጅዎ