ቡላ ብቻውን ለአራስ አይበቃም

ውድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሰበታ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ቡላ «የአራስ ጉልበት» እየተባለ ይሸጣል። ጉልበት መስጠቱ እውነት ነው፤ ገንቢ ምግብ ነው ማለት ግን አይደለም። ቡላ የተፋቀ እንሰት ሲጨመቅ፣ ከሚወጣው ፈሳሽ ስር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ነው። ከሞላ ጎደል ንጹህ ስታርች ነው። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ሁለት መቶ ግራም የተቀቀለ ድንች ወደ 4 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ቫይታሚን ሲም ይጨምራል። ስለዚህ እናቶቻችን የቡላውን ገንፎ በወተት ማገንፋታቸው ትልቅ ብልሃት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻውን 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይጨምርበታል። ቅቤ ግን ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የቡላ ገንፎ ሲበርድ ጠጠር ብሎ የሚረጋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከስታርቹ 29 በመቶ ያህሉ አሚሎዝ ነው። ይህ ሲቀዘቅዝ እርስ በርሱ የሚያያዝ ክፍል ነው። ካሳቫ ላይ ከ20 በመቶ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ የካሳቫ ገንፎ ለስላሳና የሚሳብ ይሆናል። የቡላ ገንፎ ለስላሳ መሆኑን ብቻ አይቶ ግን ቡላው ከካሳቫ ጋር ተቀላቅሏል ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ውሃ ከበዛበትም ይቀጥናል።

ካሳቫ ሌላም ጣጣ አለበት። በተለይ መራራው ዓይነት በደንብ ተልጦ፣ ተዘፍዝፎና ደርቆ ካልተዘጋጀ ሳይናይድ ይለቃል። ቡላ በዚህ በኩል አያሰጋም።

ከሰበታ