ባለ ሁለት ሲም ስልክ የመረጥኩትን መስመር ትቶ በሌላው መስመር ዳታ ስለሚጠቀምና ስለሚደውል የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለስልክ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቱ
የደንበኞች አገልግሎትና የጥገና ክፍል
አዲስ አበባ

ከሱቃችሁ በዋስትና የገዛሁት ባለ ሁለት ሲም አንድሮይድ ስልክ፣ የመጨረሻውን የሶፍትዌር ማሻሻያ ከጫነ ወዲህ፣ ለዳታም ሆነ ለጥሪ የመረጥኩለትን መስመር አይጠብቅም። ስልኩን ወደ ጥገና ክፍላችሁ ባመጣሁ ጊዜ ባለሙያው ኔትወርኩ በደንብ እንደሚሠራ ካየ በኋላ «ስልኩ ጤነኛ ነው፤ የቴሌኮም አቅራቢዎን ያነጋግሩ» ብሎ መልሶልኛል። ይህ መልስ ትክክል አለመሆኑን በራሴ ሙከራ ስላረጋገጥኩ፣ ያየሁትን በዝርዝር ጽፌ ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጀመሪያ መስመሮቹን እንዴት እንደምጠቀምባቸው ላስረዳ። ሥራዬ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ነው። በሲም 1 ላይ ያለው በ09 የሚጀምረው ቁጥር የሱቁ ነው፤ በማስታወቂያ ሰሌዳውና በደረሰኙ ላይ የታተመው፣ ጋራዦችና ሾፌሮች የሚያውቁት እሱን ነው። በዚህ መስመር ላይ የዳታ ጥቅል አልገዛም፤ ለጥሪ የሚሆን ካርድ ብቻ እሞላበታለሁ። በሲም 2 ላይ ያለው በ07 የሚጀምረው የግል ቁጥሬ ሲሆን፣ የወር የዳታ ጥቅሌን የምገዛው በእሱ ነው። በስልኩ የሲም ገጽ ላይ «Mobile data» የሚለውን ወደ ሲም 2፣ «Calls» የሚለውን ደግሞ «Ask every time» ወደሚለው አድርጌ አስተካክያለሁ። ሁለቱም ምርጫዎች ዛሬም ገጹ ሲከፈት እንደዚሁ ተጽፈው ይታያሉ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ገጹ አንድ ነገር ይናገራል፣ ስልኩ ሌላ ይሠራል።

ከዳታው ልጀምር። በሱቁ መስመር ላይ የሞላሁት ካርድ ሳልደውልበት እያለቀ መቸገሬን ሳይ፣ አንድ ቀን ጠዋት 100 ብር ሞልቼ ቀሪ ሒሳቡን በ*804# አየሁና፣ በዚያ መስመር ምንም ሳልደውል ስልኩን መከታተል ጀመርኩ። ከላይ ሱቅ ውስጥ እያለሁ የዳታ መውጫና መግቢያ ቀስቶቹ ከሲም 2 የሲግናል ምልክት ጎን ነበሩ። ዕቃ ወደማስቀምጥበት ምድር ቤት ስወርድ የሲም 2 ሲግናል ወደ አንድ እንጨት ዝቅ አለ፣ ጥቂት ቆይቶም ቀስቶቹ ወደ ሲም 1 ዞሩ። እዚያው ቆሜ የሲም ገጹን ስከፍተው «Mobile data» አሁንም ሲም 2 ይላል። ወደ ላይ ከወጣሁና የሲም 2 ሲግናል ሙሉ ከሆነ በኋላም ቀስቶቹ ለረጅም ጊዜ በሲም 1 ላይ ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ቀሪ ሒሳቡን ደግሜ ስጠይቅ ከሞላሁት ውስጥ አብዛኛው ተቆርጧል። የስልኩ የዳታ አጠቃቀም ገጽ ለየሲሙ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ጥቅል የሌለው ሲም 1 በዚያ ቀን ዳታ መጠቀሙ በግልጽ ተመዝግቦ ይገኛል። ጥቅል በሌለበት መስመር ላይ ዳታ ሲከፈት ሒሳቡ በቀጥታ ከካርዱ ላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ የቴሌኮም አቅራቢው ያስከፈለኝ ስልኩ የጠየቀውን ነው፣ የጠየቀው ግን እኔ አይደለሁም።

ምክንያቱን ፈልጌ ያገኘሁት ከዚያው የሲም ገጽ ታች፣ ተጨማሪ ማስተካከያዎች ውስጥ ነው። «Auto data switching» የሚባል ማብሪያ አለ፤ ሥራውም የዳታው መስመር ሲግናሉ ሲደክም ስልኩ ሳይጠይቅ ወደ ሌላኛው ሲም እንዲዞር መፍቀድ ነው። ይህን ማብሪያ እኔ አላበራሁትም፤ ከማሻሻያው በፊትም ካርዱ እንዲህ አይቆረጥም ነበር። አጥፍቼው ወደ ምድር ቤቱ ስወርድ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ እንጂ ቀስቶቹ ወደ ሲም 1 አልዞሩም፣ ከካርዱም ምንም አልተቆረጠም። የምፈልገውም ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ስልኩን አጥፍቼ ሳበራው ማብሪያው ራሱ በርቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ዳግም መነሣት ይኸው ይደገማል፤ ባትሪው አልቆ ሲጠፋም ሆነ የሲም ማስቀመጫው ወጥቶ ሲመለስ ልዩነት የለውም።

ችግሩ የሲም ካርዶቹ ወይም የኔትወርኩ አለመሆኑን ለመለየት ሁለት ነገር አድርጌአለሁ። ሲሞቹን ቦታ አቀያይሬ፣ የዳታ ምርጫውንም አብሬ አስተካክዬ ስሞክር፣ ስልኩ ዳግም ከተነሣ በኋላ ዳታው አሁንም ካልመረጥኩት ሲም ሄደ። ቀጥሎ ሁለቱንም ሲሞች የወንድሜ በሆነ ሌላ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ውስጥ ከትቼ፣ ተመሳሳዩን ማብሪያ አጥፍቼ፣ ስልኩን አስነሥቼ፣ በዚያው ምድር ቤት ሞከርኩት። ማብሪያው እንደጠፋ ቆየ፣ የሱቁ መስመር ካርድም አልተነካም። ሲሞቹ እነዚያው፣ ቦታውም ያው ሆኖ የተለወጠው ስልኩ ብቻ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከስልኩ ሶፍትዌር ውጪ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አይታየኝም።

ባለሙያው «የባለ ሁለት ሲም ስልክ ተፈጥሮ ነው» ያለኝን በተመለከተ፣ ተፈጥሮው የሆነውን ካልሆነው መለየት ይገባል። ስልኩ ሁለቱን ሲሞች በአንድ የሬዲዮ ክፍል እንደሚያስተናግድ፣ ስለዚህም በሲም 1 እየተናገርኩ የሲም 2 ዳታ ለጊዜው ሊቆም እንደሚችል አውቃለሁ፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ጥሪው ሲያበቃ ዳታው ወደ ሲም 2 መመለስ አለበት፣ ይመለሳልም። የእኔ ቅሬታ ጥሪ በሌለበት፣ ሲግናል በመድከሙ ብቻ፣ የጠፋ ማብሪያ ራሱን አብርቶ ገንዘቤን ስለሚያወጣ ነው። ዳታው የተዛወረው በቴሌግራም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የተነገረኝም ስሕተት ነው። ቴሌግራም በየትኛው ቁጥር እንደተመዘገበ የአካውንቱ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚያገኘው ስልኩ ከሰጠው መስመር ነው፣ መስመሩን መምረጥ አይችልም።

የጥሪው ችግር ከዳታው የተለየ ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ለሥራዬ የበለጠ ከባድ ነው። «Ask every time» ስለተመረጠ በደወልኩ ቁጥር ስልኩ በየትኛው ሲም እንደምደውል ሊጠይቀኝ ይገባል። ለአዲስ ቁጥር ይጠይቃል። ሲጠይቅ በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ላይ ግን፣ ከሲሞቹ ስም በታች፣ ምርጫውን ለዚህ ቁጥር አስታውስ የሚል ሣጥን አለ፤ ከማሻሻያው ወዲህ ይህ ሣጥን ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ በግል መስመሬ ከደወልኩ፣ ለምሳሌ በሱቁ መስመር ካርድ ባለቀበት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው ስደውል ስልኩ ሳይጠይቅ በግል ቁጥሬ ይደውላል። የጥሪ መዝገቡን ካልመረመርኩ በስተቀርም አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ መካኒክ መኪና በክሪክ አንሥቶ የፊት ፍሬን ሸራ ቁጥሩን እስካረጋግጥለት ይጠብቅ ነበር። ዕቃውን ከመደርደሪያ አግኝቼ መልሼ ስደውልለት ስልኩ በግል መስመሬ ደወለ፤ እሱም የማያውቀው ቁጥር ስለሆነበት ሳያነሣ ቀረ። በኋላ በሱቁ ቁጥር ስደውልለት ከጎረቤቴ ሱቅ ገዝቶ ነበር። በዚህ መንገድ የግል ቁጥሬ በደንበኞች ዘንድ ተሠራጭቶ አሁን ሌሊትም ይደወልልኛል። ሁለት መስመር በአንድ ስልክ የያዝኩት የሱቁንና የቤቱን ለመለየት ስለሆነ፣ ይህን መለየት የማይጠብቅ ስልክ ለተገዛበት ዓላማ አይሆንም።

ስልኩ ለየደንበኛው የያዘው ይህ የሲም ምርጫ ማስታወሻ በሲም ገጹ ላይ ስለማይታይ የጥገና ባለሙያው ሊያገኘው አልቻለም። የሚገኘው እያንዳንዱ ደንበኛ በስልክ ማውጫው ውስጥ ሲከፈት ባሉት ሦስት ነጥቦች ሥር ነው፤ ሊሰረዝ የሚችለውም ለአንድ ሰው በየተራ ነው። የደንበኞቼን ብዛት ስታስቡት በእጅ እየከፈቱ ማጥፋት የሚታሰብ አይደለም። ክፍላችሁ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ሲመልሰው ማስታወሻዎቹ አብረው ጠፍተው ነበር፤ ሣጥኑ ግን አሁንም ምልክት ተደርጎበት ስለሚመጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ችግሩ ተመልሷል። የዳታ ማብሪያውም እንዲሁ ራሱን ማብራቱን አላቆመም።

ለጊዜው ካርዴን ያዳንኩት በሲም 1 ሥር ያለውን «Access Point Names» ከፍቼ የተጻፈውን መግቢያ በማጥፋት ነው። መግቢያ የሌለው ሲም ስልኩ ቢዞርበትም ዳታ ሊያስገባ አይችልም። ይህ ግን መድኃኒት አይደለም፤ ሲሙ ወጥቶ ሲገባ ስልኩ መግቢያውን ራሱ መልሶ ሊጭነው ይችላል፣ በሱቁ መስመር ጥቅል መግዛት ባስፈለገኝ ጊዜም እንደገና በእጄ መጻፍ ይኖርብኛል። ለጥሪው ደግሞ እንዲህ ያለ ማምለጫ እንኳ የለም።

ስለዚህ ድርጅታችሁ ስልኩን በዋስትናው መሠረት ተቀብሎ፣ ከላይ የገለጽኩትን ሙከራ በእኔ ፊት እንዲደግም እጠይቃለሁ፤ ማብሪያውን አጥፍቶ ስልኩን ዳግም ማስነሣትና ማብሪያውን ማየት ብቻ ስለሆነ ጊዜ አይወስድም። ጉድለቱ ከታየ የተስተካከለ ሶፍትዌር ይጫንልኝ፤ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ገና ካልተዘጋጀ ወይ ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር ይመለስልኝ፣ ይህም ካልተቻለ በሌላ ሞዴል ይቀየርልኝ። ማሻሻያው የዳታ ማብሪያውንና የጥሪ ሣጥኑን ራሱ አብርቶ እንደሚመጣ ለሌሎች ገዢዎች በጽሑፍ እንድታሳውቁም እጠይቃለሁ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ስላለው፣ ይህን መጠየቄ ከልክ ያለፈ አይመስለኝም። ከሱቁ መስመር ያለፈቃዴ የተቆረጠውን ሒሳብም፣ የዳታ አጠቃቀም ገጹን ምስል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስላያያዝኩ፣ አይታችሁ እንድትተኩልኝ አመለክታለሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በደረሰኙ ላይ ባለው የሱቁ አድራሻ እንድትልኩልኝ እየጠየቅሁ፣ ስልኩን በማንኛውም የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ መሆኔን አሳውቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

አመልካች
የመለዋወጫ መደብሩ ባለቤት

አባሪ፦ የግዢ ደረሰኝና የዋስትና ካርድ ቅጂ፣ የዳታ አጠቃቀም ገጽ ምስል፣ ስልኩ ዳግም ከመነሣቱ በፊትና በኋላ የተነሣ የማብሪያው ምስል