የማርሽ ሳጥን ቃላት፦ ሐሙስ እንወስን

ሰላም ለሁላችሁ፣ የጥገና መመሪያው ሦስተኛ ምዕራፍ የቆመው በሦስት ቃላት ስለሆነ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት እዚሁ ግሩፕ ላይ በድምፅ ተገናኝተን እንቋጨው።

ዋናው ጣጣ ባክላሽ ነው። ረቂቁ ዝም ብሎ «ክፍተት» ይለዋል። አንባቢው ግን በጥርሱ ጫፍና በተጋጣሚው ሥር መሃል ያለውን ክፍተት፣ ወይም የኩሽኔታውን ልልነት ሊመስለው ይችላል። ባክላሽ በተጋጠሙ ጥርሶች ጎን መካከል ያለው ነው። የሚለካውም አንዱን ጊር አስሮ፣ የዳያል ጌጁን ጫፍ በሌላው ጊር ጥርስ ጎን ላይ ቀጥ አድርጎ አስደግፎ፣ ያንኑ ጊር ወዲያና ወዲህ በማነቃነቅ ነው። «ክፍተት» ሲባል ደግሞ ጉድለት ይመስላልና ዜሮ ለማድረግ የሚታገል አይጠፋም፤ ያኔ ጊሩ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ዘይት መግቢያ ያጣል፣ ጥርሱ ይበላል። ስለዚህ «የጥርስ ጎን ክፍተት» እንበለው።

ፒኒየን ባለበት ይቆይ ባይ ነኝ፤ «ትንሽ ጊር» ካልን ሳጥኑ ውስጥ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሄሊካል «ሰያፍ ጥርስ ጊር» ይሁን፣ «ጠመዝማዛ» ካልነው ከዎርም ጋር ይምታታል።

የምትሠሩበትን መመሪያ ይዛችሁ ግቡ። የማትስማሙበት ካለ እስከ ረቡዕ ማታ አማራጫችሁን ጻፉ፣ የምትገኙም አሳውቁኝ።