ለእድራችን አዳራሽ ልስን፦ 20 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 6 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 5 ሺህ ሊትር ውሃ

ውድ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፣ በውጭ አገር የምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፣

የአዳራሹ ብሎኬት ተደርድሮ አልቋል፣ ቆርቆሮውም ተመቷል፣ በርና መስኮቱም ተገጥሟል። አሁን የቀረን የውስጥና የውጭ ግድግዳውን መለሰን ነው። የሙያተኞቹን የእጅ ዋጋ ከእድሩ ካዝና ሸፍነናል። ከእናንተ የምንለምነው ዕቃውን ነው።

ጥሪውን በብር ያላቀረብነው ሆን ብለን ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ዛሬ የተባለው ነገ አይገኝም፤ አሁን የምንጠራው ብር በሚገዛበት ቀን ሊያንስ ይችላል። ግድግዳው የሚበላው መጠን ግን ገበያ አያውቅም። በዚያ ላይ ርዕሱ ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማንም አባል በወረቀትና በእርሳስ ማረጋገጥ እንዲችል ስሌቱን እንዳለ አስቀምጠነዋል። ሙያው ያላችሁ ስህተት ካገኛችሁበት ዕቃው ሳይገዛ ንገሩን።

አዳራሹ በውስጥ ሲለካ 12 ሜትር በ8 ሜትር ነው፤ የግድግዳው ከፍታ 3 ሜትር። ዙሪያው 40 ሜትር ስለሆነ የውስጥ ግድግዳው 120 ካሬ ይመጣል። ከዚህ ላይ ሁለቱን በሮችና ስድስቱን መስኮቶች ስናነሳ 16.8 ካሬ ይቀነሳል፤ የበርና የመስኮቱ ውስጠኛ ጎን ደግሞ ስለሚለሰን ከ4 ካሬ ትንሽ በለጥ ያለ ይጨመራል። የተጣራው 108 ካሬ ነው። በውጭ በኩል የ20 ሳንቲም ብሎኬቱ ውፍረት ተጨምሮበት ዙሪያው 41.6 ሜትር ይሆናል፤ በሮቹና መስኮቶቹ ሲቀነሱ እሱም 108 ካሬ ላይ ያርፋል። ክፈፎቹ ከውጭው ፊት እኩል ስለተገጠሙ በዚያ በኩል የሚለሰን ጎን የለም። ባጠቃላይ 216 ካሬ አለን።

ውስጡን በ15 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በ1 ለ 5 ድብልቅ እንለስናለን፤ ማለትም ለአንድ እጅ ሲሚንቶ አምስት እጅ አሸዋ። ውጭው ዝናብ ስለሚመታው 20 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1 ለ 4 ይሆናል። የውጩን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። 108 ካሬ በ0.02 ሜትር ሲባዛ 2.16 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የተስተካከለው ልስን ብቻ ነው። በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ፣ ከግድግዳው ጎርበጥባጣነት የሚመጣ፣ መሬት ላይ የሚወድቅም አለ፤ ለዚህ 15 በመቶ ስንጨምር 2.48 ይሆናል። ደግሞም ደረቅ አሸዋና ደረቅ ሲሚንቶ ውሃ አግኝተው ሲቦኩ ሲሚንቶው በአሸዋው ክፍተት ውስጥ ስለሚገባ መጠናቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ደረቁን ለማግኘት በ1.3 እናባዛለን፦ 3.23 ሜትር ኩብ። ይህን ለአምስት ስናካፍል አንዱ እጅ፣ 0.646 ሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 930 ኪሎ፣ ማለትም 19 ከረጢት ይሆናል። የቀረው አራት እጅ 2.6 ሜትር ኩብ አሸዋ ነው።

የውስጡ በዚሁ መንገድ ሲሰላ 12 ከረጢትና 2 ሜትር ኩብ አሸዋ ይሰጣል። ከሁለቱም በፊት ልስኑ እንዲይዝ ግድግዳው ላይ በ1 ለ 2 የቀጠነ እርጭት ይረጫል፤ በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለ216 ካሬው 8 ከረጢትና ግማሽ ሜትር ኩብ የሚያልፍ አሸዋ ይፈልጋል። ድምሩ 39 ከረጢት ሲሆን 40 አድርገነዋል፤ 20 ኩንታል ማለት ነው። አሸዋው 5.2 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል፤ በወንፊት ሲነፋ የሚቀረው ጠጠር ስላለ 6 ብለናል።

አንድ ከረጢት የሚሰጥ ሰው ምን እንደሠራ ማወቅ ከፈለገ፣ እርጭቱን ጨምሮ በውስጥ 7 ካሬ፣ በውጭ ደግሞ 5 ካሬ የሚጠጋ ግድግዳ አልብሷል።

በስብሰባው ላይ አንድ አባታችን «ሲሚንቶውን እኔ እጨምራለሁ፣ ለምን 1 ለ 3 አይሆንም? ይጠንክር እንጂ» ብለው ነበር። ልባቸው ይባረክ፤ ነገር ግን ለልስን ሲሚንቶ ማብዛት ማጠንከር ብቻ አይደለም። ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ሲደርቅ አብዝቶ ይኮማተራል። ብሎኬቱ አብሮት ስለማይኮማተር ልስኑ በሸረሪት ድር መልክ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ከግድግዳው ይለቃል። የለቀቀ ልስን በጣት አጥንት ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ከ40 ከረጢት በላይ ቢመጣ ለወለሉ እንጂ ለድብልቁ አይገባም።

ወጪያችንን ከድብልቁ ይልቅ በይበልጥ የሚያናጋው ውፍረቱ ነው። የውጩ ግድግዳ ቱንቢው ጠፍቶ በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ተጨማሪ ልስን ቢጠይቅ ከ4 ከረጢት በላይ ሲሚንቶና ከግማሽ ሜትር ኩብ የሚበልጥ አሸዋ ይበላል። ይህን ለመከላከል ልስኑ ከመጀመሩ በፊት ግድግዳው ሙሉ በሙሉ በቱንቢና በሲባጎ ይለካል። የጎበጠው ብሎኬት ይጠረባል፤ የጎደጎደው አስቀድሞ ይሞላል። ከዚያ በየሁለት ሜትሩ ገደማ የውፍረት ነጥብ ይለጠፋል፤ ስታጃው፣ ማለትም ቀጥ ያለው ረጅም ዘንግ፣ በሁለቱ ነጥቦች ላይ እየተሳበ ትርፉን ይቆርጣል። ነጥብ ሳያስቀምጥ በዓይኑ የሚለስን ሙያተኛ ፈጣን ይመስላል፤ ሲሚንቶው ግን ሳይታሰብ ያልቃል። ከአባላቱ መካከል ቱንቢ መያዝ የሚችል ካለ፣ ሁለት ቀን ቢሰጠን ከብዙ ከረጢት በላይ ቆጠርነው። የውጩ 20 ሚሊ ሜትር ደግሞ በአንድ ጊዜ አይለጠፍም፤ ክብደቱ ይጎትተውና ይንሸራተታል። በሁለት ዙር ይሠራል፤ የመጀመሪያው ዙር ፊቱ ይቧጨርና ይተዋል፣ ሁለተኛው በላዩ ይመጣል።

ልኬቱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በየሳይቱ የምታዩት የእንጨት ሳጥን ግን ብዙውን ጊዜ 50 በ40 በ20 ሳንቲም ነው፤ ያ 40 ሊትር ይይዛል። በእሱ አምስት ሳጥን አሸዋ ለአንድ ከረጢት የሰጠ ሰው 1 ለ 5 የሠራ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን 1 ለ 6 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ስለዚህ 50 በ35 በ20 የሆነ አዲስ ሳጥን አናጢ ጎረቤታችን ሠርቶልናል። በአካፋ መቁጠር አይፈቀድም። አሸዋውም ሲለካ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ አሸዋ ስለሚያብጥ ሳጥኑን ሞልቶ ሲታይ ከውስጡ ያለው አሸዋ ያነሰ ነው።

አሸዋ ልትሰጡን ያሰባችሁ መኪናው ሳይራገፍ ብትጠሩን እንወዳለን። ከመካከሉ ዝገን በብርጭቆ ግማሽ ድረስ እናደርጋለን፤ ንጹህ ውሃ ጨምረን በደንብ ነቅንቀን ለሦስት ሰዓት እናስቀምጠዋለን። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ለየብቻ ይረጋሉ። የጭቃው ንብብር ከአጠቃላዩ ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ታጥቦ ካልሆነ አንቀበልም። ጭቃ ያለው አሸዋ በእጅ ሲታሽ ልስላሴው ደስ ይላል፤ ልስኑን ግን ያሰነጥቀዋል። ከዚህ የተነሳ ስጦታ መመለስ ሊመጣ ይችላልና አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሃው ብዙዎቻችሁን የሚያስገርም ነው ብለን እናስባለን። ማቡኪያው ለአንድ ከረጢት ከ30 እስከ 35 ሊትር ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ያንሳል። ለ40 ከረጢት 1,300 ሊትር ገደማ ይሆናል። ብሎኬቱ የልስኑን ውሃ እንዳይመጥጥበት ቀድሞ ለማርጠብ 450 ሊትር ያህል እንፈልጋለን። ትልቁ ግን ልስኑ ካለቀ በኋላ የሚጠጣው ነው፦ ለሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በካሬ አንድ ሊትር ብናረጨው ብቻውን 3,000 ሊትር ይሆናል። ዕቃ ማጠቢያ ሲጨመር ከ5,000 ብዙም አይርቅም፤ 25 በርሜል። ቧንቧችን በፈረቃ ስለሚመጣ ይህን በአንድ መስመር ማሟላት አንችልም። ሮቶ ያላችሁ በፈረቃችሁ ቀን አንድ በርሜል ብትሞሉልን፣ ወይም አንድ ሰው የቦቴ ውሃ ቢያስመጣልን ችግሩ ይቀላል። የማጠጣቱ ውሃ ከተቋረጠ የቀረው ሁሉ ይበላሻል፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቅና በጣት ሲታሽ አቧራ ይሆናል። የምንጠቀመው ፒፒሲ ሲሚንቶ ስለሆነ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው፤ ሰባቱ ቀን ትንሹ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ሲያቆም ነው። ፀሐዩ እንዳያቃጥለው የምዕራቡን ግድግዳ ጠዋት፣ የምሥራቁን ከሰዓት በኋላ እንለስናለን።

ሲሚንቶ የምትሰጡ እባካችሁ አሁን አታምጡ። አሁን የሚያስፈልገን ቃላችሁ ብቻ ነው፤ ስንት ከረጢት እንደምትሰጡ በእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ሲሚንቶ በክረምት እርጥበት ውስጥ ከተቀመጠ ከረጢቱ ሳይከፈት ይጓጉላል፤ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዕቃው የሚገባው ሥራው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደራል። አሸዋ ግን ዛሬም ቢመጣ ችግር የለውም፤ ሸራ አዘጋጅተናል። በውጭ ያላችሁ ደግሞ የፈለጋችሁትን ያህል ከረጢት በመዝገቡ ላይ አስቈጥራችሁ፣ በሚገዛበት ሳምንት ባለው ዋጋ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ በዘመዶቻችሁ በኩል ልታደርሱ ትችላላችሁ። ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የገባውና የወጣው ከረጢት ቁጥር በየሳምንቱ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል።

የግንባታ ኮሚቴው